ምዕራፍ ሰባት፦ ድንበር ለሚሻገር ዕቃ የሚጻፍ የማጓጓዣና የተመላሽ ደንብ

«የጉምሩክ ቀረጥ ሊኖር ይችላል፤ ኃላፊነቱ የገዢው ነው።» ከአገር ውጭ የሚሸጡ ሱቆችን ድረ ገጽ ስትከፍቱ፣ ስለ ማጓጓዣ በሚያወራው ክፍል ውስጥ ይህችን ዐረፍተ ነገር በአንድ ወይም በሌላ መልክ አታጧትም። ውሸት የለባትም። ግን ገዢው ለማወቅ ከፈለገው ነገር አንዱንም አትነግረውም። ስንት ነው የምከፍለው? የምከፍለው ለማን ነው? አሁን ነው ወይስ ዕቃው በር ላይ ሲመጣ? አልከፍልም ብልስ ገንዘቤ ምን ይሆናል? ይህ ምዕራፍ እነዚህን አራት ጥያቄዎች የሚመልስ ደንብ እንዴት እንደሚጻፍ ያሳያል። ነገሩ በጥቅሉ ሲነገር ስለሚተን፣ አንድ ሱቅ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

ሱቁ ምናባዊ ነው፤ የሚሸጠው ግን እውነተኛ ዕቃ ነው። በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የጥጥ ሻርፕ ያስሸምናል፣ ዳር ዳሩን ያሰፋል፣ በአውሮፕላን ይልካል። ገዢዎቹ በብዛት ያሉት በጀርመን ፍራንክፈርት እና ከዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አንዲት የፍራንክፈርት ገዢ 180 ዩሮ የሚያወጣ ሻርፕ አዘዘች እንበል። ማጓጓዣው 40 ዩሮ ነው። 220 ዩሮ ከፈለችና ዕቃዋን መጠበቅ ጀመረች።

ዕቃው ፍራንክፈርት ሲደርስ የሚሆነውን ከሒሳቡ እንጀምር። የአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ እስከ ኅብረቱ ድንበር ድረስ ያለውን የማጓጓዣ ወጪ ይጨምርበታል። ለቀላልነት 40ውን በሙሉ እንደምረው፤ መነሻው 220 ዩሮ ይሆናል። ሻርፕና ነጠላን የሚይዘው የታሪፍ ቁጥር 6214 ሲሆን፣ የጥጥ ሻርፕ መደበኛ ቀረጥ 8 በመቶ ነው። ይህ 17.60 ዩሮ ነው። ከዚያ የጀርመን የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ 19 በመቶ፣ ይከተላል፤ የሚሰላውም ቀረጡ ከተደመረ በኋላ በ237.60 ላይ ስለሆነ 45.14 ይመጣል። ድምሩ 62.74 ዩሮ ነው። አጓጓዡ ድርጅት ገንዘቡን ቀድሞ ስለከፈለላት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል። ገዢዋ 220 የከፈለችበት ሻርፕ በር ላይ ወደ 290 ይጠጋል። «ቀረጥ ሊኖር ይችላል» ያላት ደንብ ያዘጋጃት ለዚህ ነበር?

ከዚህ ውስጥ 17.60ው ጨርሶ መከፈል የሌለበት ገንዘብ ሊሆን እንደሚችል ብዙ ሻጭ አያውቅም። ኢትዮጵያ በማደግ ላይ ካሉት አገሮች ሁሉ ኋላ ለቀሩት ኅብረቱ በሰጠው፣ ከጦር መሣሪያ በቀር ማንኛውም ምርት ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው ዕድል ተጠቃሚ ናት። ዕድሉ ግን በራሱ አይሠራም። በኢንቮይሱ ላይ ዕቃው የኢትዮጵያ ምርት መሆኑን የሚገልጽ፣ ቃሉ በሕግ የተወሰነ መግለጫ መስፈር አለበት። ከ6,000 ዩሮ በታች ለሆነ ጭነት ላኪው በላኪዎች መዝገብ መመዝገብ ሳያስፈልገው መግለጫውን ራሱ መጻፍ ይችላል። መግለጫው ካለ ቀረጡ ዜሮ ይሆንና ታክሱ በ220 ላይ ብቻ ተሰልቶ 41.80 ይመጣል። ገዢዋ 20.94 ዩሮ አተረፈች ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ መግለጫው የሚጻፈው እዚሁ ተሸምኖ እዚሁ ለተሰፋ ዕቃ ነው። ከሌላ አገር ተሠርቶ መጥቶ በመርካቶ በኩል ላለፈ ሻርፕ መጻፍ የሐሰት ማስረጃ መስጠት ነው።

የሻርፑ ዋጋ 140 ዩሮ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ይለያይ ነበር። ኅብረቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ዕቃዎች ይሰጥ የነበረውን የታክስ ነፃነት አንሥቷል፤ ስለዚህ የትኛውም የሱቅ ትዕዛዝ ከታክስ አያመልጥም። ነገር ግን እስከ 150 ዩሮ ለሚደርስ ዕቃ ሻጩ ታክሱን ገና ሲሸጥ ሰብስቦ የሚያስገባበት የአንድ መስኮት አሠራር አለ። የ150ው ጣሪያ የሚለካው በዕቃው ዋጋ ብቻ ነው፤ ማጓጓዣው በኢንቮይሱ ላይ ለብቻው ተለይቶ ከተጻፈ አይቆጠርም። ታክሱ ግን በሁለቱም ላይ ይሰላል፤ 140 እና 40 ተደምረው 180፣ የዚህ 19 በመቶ 34.20። ከኅብረቱ ውጭ ያለ ሻጭ በዚህ አሠራር ለመመዝገብ እዚያ የሚኖር ወኪል ያስፈልገዋል፤ ለትንሽ ሱቅ ዋጋው ስለሚከብድ፣ ብዙዎች ይህን አገልግሎት ከአጓጓዡ ወይም ከትልቅ የገበያ መድረክ ይገዛሉ። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ደግሞ ከ150 ዩሮ በታች በሆኑ እሽጎች ላይ በዕቃ ዓይነት 3 ዩሮ የተቆረጠ ቀረጥ እንዲከፈል ኅብረቱ በታኅሣሥ ወር 2025 ወስኗል።

ሒሳቡ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ውሳኔ አንድ ነው፤ ከሁለቱ መንገዶች የቱን ትመርጣላችሁ? አንደኛው፣ አጓጓዦች ዲዲፒ የሚሉት፣ ሻጩ ቀረጡንና ታክሱን ሁሉ ከፍሎ ዕቃውን የሚያደርስበት ነው። ሁለተኛው፣ ዳፕ የሚባለው፣ ሻጩ እስከ በር ያደርስና ቀረጥና ታክሱን ተቀባዩ የሚከፍልበት ነው። በአጓጓዡ ቅጽ ላይ ልዩነቱ አንዲት ምልክት ናት፤ በገዢው ኪስ ላይ ግን ከፍ ብለን ያየነው 62 ዩሮ ነው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ሻርፕ ለሚያህል ዕቃ ዲዲፒ ይሻላል፤ ክፍያው ከትዕዛዙ ጋር ይሰብሰብ፣ ደንቡም እንዲህ ይበል፦

«በመክፈያው ገጽ ላይ የሚያዩት ጠቅላላ ዋጋ ቀረጥን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስንና የጉምሩክ አገልግሎት ክፍያን ያካትታል። ዕቃው ሲደርስ ሌላ ክፍያ አይጠየቁም። አጓጓዡ ክፍያ ቢጠይቅዎ አይክፈሉ፤ ይጻፉልን፣ እኛ እንጨርሰዋለን።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትርፍ አይደለችም። አጓጓዦች ምልክቷን አሳስተው ተቀባዩን የሚያስከፍሉበት ጊዜ አለ፤ ይህ መድረሱ የሚታወቀውም ገዢው ሲናገር ብቻ ነው። ዳፕ የግድ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ግምቱን ጻፉ፦ «ወደ ጀርመን ለሚላክ ትዕዛዝ ሲረከቡ ለአጓጓዡ የዕቃውንና የማጓጓዣውን ድምር 19 በመቶ ታክስና የአጓጓዡን የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላሉ። ይህ ገንዘብ ለእኛ የሚገባ አይደለም።» ቁጥር ያለበት ክፉ ዜና ቁጥር ከሌለበት ይሻላል።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ስለ ዋጋ ማሳነስ አንድ መስመር ይግባ። «እባክሽ ስጦታ ብለሽ ላኪው» የሚል መልእክት ያልደረሰው ላኪ የለም። በኅብረቱ ሕግ የስጦታ ነፃነት የሚሠራው ከግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ ለተላከ፣ ከ45 ዩሮ ለማይበልጥ ዕቃ ነው። የተሸጠ ዕቃ ስጦታ አይሆንም። ደንቡ «በሰነዱ ላይ የምንጽፈው እርስዎ የከፈሉትን እውነተኛ ዋጋ ነው» ካለ፣ ሠራተኛችሁ ለእያንዳንዱ ወዳጅ ተለማምጦ እምቢ ከማለት ይድናል።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግን እንይ፤ እዚያ ያለው ችግር ሌላ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚደርስ እሽግ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። ይህ ነፃነት ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ተነሣ። ያኔ የብዙ አገሮች ፖስታ ቤቶች ቀረጡን ማን እንደሚሰበስብ እስኪታወቅ ድረስ ወደ አሜሪካ ዕቃ መላክ ለጊዜው አቁመው ነበር። «ከ800 ዶላር በታች ቀረጥ የለም» የሚለው መስመር ግን ዛሬም በብዙ ድረ ገጽ ላይ አለ። ኢትዮጵያ ደግሞ ለአፍሪካ አገሮች ከተሰጠው የአጎዋ ዕድል ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ስለወጣች፣ ጥጡ እንደ አውሮፓው የሚጠለልበት ጥላ አልነበረውም።

ከዚህ የሚገኘው የአጻጻፍ ትምህርት ቀላል ነው። የአሜሪካው መጣኔ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ስለተለዋወጠ በደንቡ ውስጥ በመቶኛ አይጻፍ። በደንቡ የሚጻፈው የማይለወጠው ነገር ነው፤ ማን ይከፍላል፣ መቼ ይከፍላል። መጠኑ ራሱ የሚታየው በመክፈያው ገጽ ላይ፣ ከአጓጓዡ በዕለቱ ከሚገኘው ስሌት ይሁን። ለጀርመን 19 በመቶን መጻፍ የሚቻለው ቁጥሩ ዓመታት ስለሚቆይ ነው።

ወደ ቀናቱ እንለፍ። «ከ5 እስከ 10 ቀን ይደርሳል» የሚል ሻጭ አራት የተለያዩ ጊዜያትን በአንድ ከረጢት ከቷል፦ ሸማኔው የሚሠራበት፣ ሱቁ የሚያሽግበት፣ አውሮፕላኑ የሚሄድበት፣ ጉምሩክ የሚይዝበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በእጃችሁ ናቸው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ አይደሉም። በእጃችሁ ላለው ቃል ግቡ፤ በእጃችሁ ላልሆነው ግምት ስጡ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፉ።

ይህ ለመልካም ምግባር ብቻ የሚደረግ አይደለም። የአሜሪካው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚቆጥረው ዕቃው ከሻጩ እጅ እስከሚወጣበት ቀን ነው፤ ሻጩ ባስታወቀው ጊዜ፣ ምንም ካላለም በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ከዘገየ ለገዢው አሳውቆ፣ ይጠብቅ ወይም ገንዘቡን ይውሰድ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታው ነው። የአውሮፓው ሕግ ግን የሚቆጥረው ዕቃው ገዢው እጅ እስከሚገባበት ቀን ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ከ30 ቀን ማለፍ የለበትም። አንዱ የመነሻውን በር ያያል፣ ሌላው የመድረሻውን። «በ30 ቀን» ብቻ ብሎ የጻፈ ሻጭ ለአንዱ ገዢ ያላሰበውን ቃል ገብቷል። የሱቃችን አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ተሸምኖ የተዘጋጀ ሻርፕ ክፍያው በገባ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ይወጣል። በትዕዛዝ የሚሸመን በ12 የሥራ ቀን ውስጥ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ወደ ጀርመንም ሆነ ወደ አሜሪካ በተለምዶ ከ4 እስከ 8 የሥራ ቀን ይወስዳል። ጉምሩክ ለተጨማሪ ፍተሻ ከያዘው ይህ ሊረዝም ይችላል፤ ዕቃው ከወጣ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ካልደረሰ ግን እንደጠፋ ቆጥረን፣ እንደ ምርጫዎ ሌላ እንልካለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን።»

የመጨረሻው ቁጥር ከሁሉ ይበልጣል። ገዢ መዘግየትን ይታገሣል፤ የማይታገሠው መጨረሻው የማይታወቅ መጠበቅን ነው። ቀኖቹን ደግሞ ከራሳችሁ የዌይቢል መዝገብ አውጡ እንጂ ከአጓጓዡ ማስታወቂያ አትቅዱ። ከአሥር እሽግ ዘጠኙ የደረሱበትን ቀን እንደ ላይኛው ጫፍ ያዙት። ብዙ ጊዜ እሽግ የሚያዘው ደግሞ በኢንቮይሱ ላይ «ልብስ» ወይም «የባህል ዕቃ» ብቻ ስለተጻፈ ነው። «በእጅ የተሸመነ የሴት ሻርፕ፣ 100 በመቶ ጥጥ» ተብሎ የታሪፍ ቁጥሩ ከታከለበት ሠራተኛው ከፍቶ የሚያየው ምክንያት ይቀንሳል። የተቀባይ ስልክ ቁጥር ከሌለም እሽጉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ስለዚህ ደንቡ ስልክ ግዴታ መሆኑን ይናገር።

የኛ አገር ሻጭ ብቻ የሚገጥመው ሌላ ወጥመድ አለ። ደንቡ በአማርኛ ሲጻፍ «ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የታዘዘ በዚያው ቀን ይታሸጋል» ይባላል። የሲልቨር ስፕሪንጓ ገዢ አማርኛውን ታነባለች፤ ሰዓቷ ግን የአሜሪካ ነው። የአዲስ አበባ 8 ሰዓት በእሷ ዘንድ በክረምታቸው ወራት ገና ማለዳ፣ በእነሱ አቆጣጠር ጠዋት 6 ሰዓት ነው። «ለገና እንዲደርስ እስከ ታኅሣሥ 10 ይዘዙ» ደግሞ ይብሳል። ታኅሣሥ 10 በእኛ አቆጣጠር ዲሴምበር 19 ነው፤ ገናውስ የማን ገና ነው? ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስፍሩ፤ «የአዲስ አበባ ሰዓት» የምትለዋንም አትርሱ። የሥራ ቀን ሲባል ጥምቀት፣ ስቅለት፣ መስቀልና የኢድ በዓላት እንደማይቆጠሩ ለፍራንክፈርት ጀርመናዊት ገዢ ካልተነገራት አታውቅም።

የተመላሽ ጉዳይ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሕጉና ሒሳቡ እዚህ ላይ ይጋጫሉ። ወደ ኅብረቱ አገሮች ገበያችሁን አቅንታችሁ የምትሸጡ ከሆነ ገዢው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን የመተው መብት አለው። ሻጩ የዕቃውን ዋጋና መደበኛውን የመላኪያ ክፍያ ይመልሳል። መመለሻውን ማጓጓዣ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ግን ይህ አስቀድሞ ከተነገረው ብቻ። ካልተነገረው ወጪው በሻጩ ላይ ይወድቃል። መብቱ መኖሩ ራሱ ካልተነገረው ደግሞ የ14 ቀኑ ጊዜ በ12 ወር ይራዘማል። አንዲት የተረሳች መስመር ዓመት ሙሉ ትከተላችኋለች ማለት ነው። ስም የተጠለፈበት ወይም በገዢዋ ልክ የተሰፋ ዕቃ ከዚህ መብት ውጭ ነው፤ ከቀረቡት ሦስት ቀለማት አንዱን መምረጥ ግን በልክ ማሠራት አይባልም። በአሜሪካ ለበይነ መረብ ግዢ እንዲህ ያለ የፌዴራል የመመለስ መብት የለም፤ ስለዚህ እዚያ በዋናነት የሚያስተዳድራችሁ ራሳችሁ የጻፋችሁት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። የ180 ዩሮ ሻርፕ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በፈጣን አጓጓዥ ሲመለስ ገዢዋ የምትከፍለው ከማጓጓዣው 40 ሊበልጥ ይችላል፤ ግለሰብ ሱቆች የሚያገኙትን የውል ቅናሽ አያገኝም። ዕቃው ቦሌ ሲደርስ ደግሞ የኛ ጉምሩክ እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ሊያየው ይችላል። የወጣበት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ፣ የመጀመሪያው ዌይቢል ቁጥርና ኢንቮይሱ ካልቀረቡ፣ ይህ ያው የወጣው ሻርፕ መሆኑን ማሳመን ከባድ ነው። ስለዚህ የመውጫ ሰነዶችን ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር አስቀምጡ፤ ደንቡም ገዢዋ በእሽጉ ላይ «ተመላሽ ዕቃ» ብላ ከትዕዛዝ ቁጥሯ ጋር እንድትጽፍ ይንገራት።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ዘዴ የተመላሽ አድራሻ እዚያው ጀርመን ማኖር ነው። የሚታመን ዘመድ ወይም ሸሪክ ካለ ሻርፑ ድንበር ሳይሻገር ይመለሳል፣ ለቀጣዩ የጀርመን ገዢም ከዚያው ይላካል። ዘመድ ግን ዕቃ እያስቀመጠ መልሶ ሲሸጥላችሁ የአገሩ የታክስ ሕግ ሊመለከተው ይችላልና፣ ቁጥሩ ሲበዛ ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ሳይነጋገሩ አይቀጥሉ። ዋጋው አነስተኛ ለሆነ፣ ወይም በእናንተ ጥፋት ተበላሽቶ ለደረሰ ዕቃ ደግሞ «ዕቃው ይቆይዎ፣ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ማለት ከመላላኩ ይረክሳል።

በዲዲፒ የተከፈለው ቀረጥና ታክስስ? ኅብረቱ በርቀት ተሸጦ ለተመለሰ ዕቃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ እንዲሰረዝ ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ግን ዲክላራሲዮኑ ተቀባይነት ካገኘ በ90 ቀን ውስጥ መግባት፣ ዕቃውም ከኅብረቱ መውጣቱ መረጋገጥ አለበት። ለአንድ ሻርፕ የሚለፋበት የለም። ስለዚህ ያ ገንዘብ የጠፋ ወጪ ነው ብላችሁ በዋጋችሁ ውስጥ አስቡት።

የመጨረሻው አንቀጽ ሰው ሁሉ የሚረሳው ነው፦ ገዢው እሽጉን አልረከብም ያለ እንደሆነ። በዳፕ ሲላክ ይህ ዘወትር የሚገጥም ነው። አጓጓዡ ለላኪው ደውሎ «ይመለስ ወይስ ይወገድ?» ይላል፤ የመመለሻው ሒሳብ በላኪው ስም ይመዘገባል። ገዢው ደግሞ ለባንኩ «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ክፍያውን ሊያስመልስ ይችላል። በኅብረቱ ሕግ እሽግ አለመረከብ ብቻውን ውል መተው አይደለም፤ ገዢው በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ደንቡ ይህን ሊናገር ይገባል፦ «ሐሳብዎን ከቀየሩ እሽጉን ከመመለስ ይልቅ አስቀድመው ይጻፉልን። ሳያሳውቁን ባለመረከብዎ ወደ እኛ ከተመለሰ፣ ሕጉ እስከፈቀደ ድረስ የመመለሻውን ማጓጓዣ ከሚመለስልዎ ገንዘብ ላይ እንቀንሳለን።» «ሕጉ እስከፈቀደ» የምትለዋ ለጌጥ አልገባችም፤ የጀርመኗ ገዢ በ14 ቀን ውስጥ ከጻፈች መደበኛው የመላኪያ ክፍያዋ ይመለስላታል።

ደንቡን ስትጨርሱ ከግርጌው የተሻሻለበትን ቀን ጻፉ፤ የቀድሞውንም ቅጂ አትጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 20 ቀን 2025 ያዘዘ አሜሪካዊ ገዢና መስከረም 5 ያዘዘው ያነበቡት ደንብ አንድ መሆን አልነበረበትም፤ ክርክር ሲነሣም የሚታየው ገዢው በከፈለበት ቀን የነበረው ነው።